ሚዛኑ 499 ሲል ምን ማለቱ ነው?

ጠፍጣፋውን ዲጂታል የወጥ ቤት ሚዛን ገልብጣችሁ ብታዩት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቁጥሮች ታገኛላችሁ። አንዱ የሚችለውን ከፍተኛ ክብደት ይናገራል፣ 5 ኪሎ እንበል። ሌላው 1 ግራም ይላል። ገዢ ይህን ሁለተኛ ቁጥር ያይና «ቢሳሳት ከአንድ ግራም አያልፍም» ብሎ ተማምኖ ይገዛል። ቁጥሩ ግን ስለ ስህተት አንዳች የሚናገረው ነገር የለም። የሚለው ይህን ብቻ ነው፦ መስኮቱ ላይ ያለው አሃዝ የሚዘለው በአንድ አንድ ግራም ነው፤ ከ499 ቀጥሎ 500 እንጂ በመካከላቸው የሚያሳየው ነገር የለውም። ላቦራቶሪ ውስጥ ይህ ሪዞሉሽን ይባላል።

የመጀመሪያ ዓመት የላብ ተማሪ ይህን ቃል የሚሰማው ከሦስት ሌሎች ጋር ነው፦ አኩሬሲ፣ ፕሪሲዥን፣ ሪፒተቢሊቲ። መምህራን ብዙውን ጊዜ ሰሌዳው ላይ ክብ ዒላማ ሥለው ቀስቶች ይሰኩበታል። ሥዕሉ ለሁለቱ ቃላት ይበቃል፣ ሪዞሉሽንን ግን የሚያሳይበት ቦታ የለውም። ከዚያም በላይ ዒላማው መሃሉ የት እንደሆነ አስቀድሞ ያሳያል፤ በእውነተኛ ልኬት ውስጥ ደግሞ ትልቁ ችግር መሃሉ አለመታየቱ ነው። ስለዚህ ሚዛኑ ላይ ብንቆይ ይሻላል።

መሃሉን ለማግኘት ክብደቱ በእርግጠኝነት የታወቀ ነገር ያስፈልጋል። የታሸገ የውሃ ጠርሙስ ወይም የስኳር ፓኬት አይሆንም፤ ፋብሪካው ሲሞላ ጥቂት ግራም ከፍ ዝቅ ማለቱ አይቀርም። ላቦራቶሪዎች የሚጠቀሙበት የመፈተሻ ክብደት አለ። ኤም 1 የሚባለው ደረጃ 500 ግራም ክብደት፣ በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት ከተጻፈበት ሊለይ የሚችለው ቢበዛ በ25 ሚሊግራም ነው። በአንድ ግራም ለሚዘል ሚዛን ይህ ልዩነት ከመጤፍ አይቆጠርም።

እንግዲህ አንድ ተማሪ ይህን 500 ግራም አዲስ አበባ ውስጥ በእንዲህ ያለ ሚዛን ላይ አሥር ጊዜ አስቀመጠ፣ አሥር ጊዜ አነሳ እንበል። ሰባት ጊዜ 499፣ ሦስት ጊዜ 498 አነበበ። አማካዩ 498.7 ግራም ነው።

ከዚህ ውጤት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይነበባሉ። ንባቦቹ እርስ በርሳቸው ተቀራርበዋል፤ ያው ሰው፣ በያው ሚዛን፣ በያው ጠረጴዛ ላይ፣ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሲደጋግመው የሚታየው ይህ መቀራረብ ሪፒተቢሊቲ ነው። በዚህ በኩል ሚዛኑ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሁሉም ንባቦች ከ500 በታች ናቸው። ከእውነተኛው ዋጋ ጋር ያለው ቅርበት፣ ማለትም አኩሬሲው፣ ጎድሏል፤ 1.3 ግራም ያህል ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ስህተት አለ። እንዲህ ያለው ስህተት መቶ ጊዜ ቢደጋገም አይጠፋም። በአማካይ የሚቀንሰው ወዲያና ወዲህ የሚበተነው ስህተት ነው፣ ይህ ግን ሁልጊዜ ወደ ታች ነው።

ስህተቱ ከየት መጣ? ሚዛኑ ላይበላሽ ይችላል። ከሳህኑ ሥር አንዲት የአሉሚኒየም ዘንግ አለች፤ ክብደት ሲያርፍባት በዓይን የማይታይ ያህል ትጎብጣለች። ላይዋ ላይ የተለጠፉት ቀጫጭን መቋቋሚያዎች አብረው ሲለጠጡ የኤሌክትሪክ መቋቋማቸው ይለወጣል፣ ውስጥ ያለው ቺፕም ለውጡን ወደ ቁጥር ይቀይረዋል። ዘንጓን የሚያጎብጣት ግን የዕቃው መጠነ ቁስ በቀጥታ አይደለም፤ መሬት ዕቃውን የምትስብበት ኃይል ነው። ይህ ስበት ደግሞ በየቦታው እኩል አይደለም። ቤጂንግ ላይ 9.80 ሜትር በሰከንድ ካሬ ገደማ ነው። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ የቀረበች፣ በዚያ ላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ከተማ ስለሆነች 9.775 ገደማ ብቻ ነው። በቤጂንግ ስበት ተስተካክሎ የተሸጠ ሚዛን ሳይነካ እዚህ ቢመጣ በኪሎ ወደ 2.7 ግራም ያጎድላል። ፋብሪካው ወደ ደቡብ ቻይና ከሆነ ጉድለቱ ያንሳል፣ ስበቱ እዚያም ዝቅ ያለ ነውና። በሁለት ጎን ተንጠልጥሎ ከድንጋይ ጋር የሚመዝነው የገበያ ሚዛን ግን ይህ ችግር የለበትም፤ ስበት ሲቀንስ ለድንጋዩም ለእህሉም እኩል ይቀንሳል።

አሁን ያው ተማሪ በአንድ ክብደት ብቻ ሳይወሰን ከፍ ዝቅ እያደረገ ይሞክር። በዚህ ስሌት 100 ግራም ሲያስቀምጥ ዘንጓ የምታየው 99.73 ነው፣ መስኮቱ ግን አጠጋግቶ ድፍን 100 ይላል። 1 ኪሎ ሲያስቀምጥ 997 ያነባል፤ 2 ኪሎ ሲሆን 1995። በ100 ግራም ብቻ የፈተነ ተማሪ «ሚዛኔ ፍጹም ነው» ብሎ በሪፖርቱ ይጽፋል። ስህተቱ ያኔም ነበረ፣ ከአንድ ግራም እርምጃ በታች ስለሆነ ብቻ ሪዞሉሽኑ ደበቀው።

ሪዞሉሽን ሪፒተቢሊቲንም ይደብቃል። 100 ግራሙን ተማሪው አሥር ጊዜ ቢደጋግመው አሥሩንም ጊዜ 100 ሊያነብ ይችላል። ልዩነት የለም ማለት ሳይሆን ልዩነቱ ከግማሽ ግራም በታች እየዋለለ መስኮቱ ሊያሳየው አልቻለም ማለት ነው። ስለዚህ የአሥር ንባቦች ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ዜሮ ሲወጣ ደስ ሊለን አይገባም። ዜሮው የሚነግረን ሚዛኑ ሻካራ መሆኑን ነው።

ታዲያ እርምጃውን ማሳነስ መፍትሔ ይሆናል? በ0.1 ግራም የሚዘል ሌላ ሚዛን ይምጣ። ያንኑ 500 ግራም አምስት ጊዜ ሲመዝን 501.2፣ 498.9፣ 500.6፣ 499.2 እና 500.1 አለ እንበል። ከነጥብ በኋላ ያለው አሃዝ ከበሬታ ያሰጠዋል። አማካዩም ድፍን 500.0 ነው፣ ከመጀመሪያው ሚዛን በላይ እውነቱን አግኝቷል። ነገር ግን በትንሹና በትልቁ ንባብ መካከል 2.3 ግራም አለ። አንድ ጊዜ ብቻ መዝኖ ለሚሄድ ሰው ከነጥብ በኋላ ያለችው አሃዝ ጌጥ ናት።

ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል እኔ የምወስደው የመጀመሪያውን ነው። ወደ አንድ ወገን የሚያዘነብል ስህተት አንዴ ከታወቀ ይታረማል፤ ንባቡን በ1.0026 ማባዛት ይበቃል። አንዳንዱ ሚዛን ላይ ደግሞ CAL የሚል ቁልፍ አለ፤ የታወቀውን ክብደት እዚሁ አዲስ አበባ ላይ አስቀምጦ ሚዛኑን በአገሩ ስበት ማስተካከል ይቻላል። ላብ ውስጥ ያለው ውድ ሚዛን ከቦታ ቦታ ሲዛወር እንደገና ካሊብሬት የሚደረገውም ከዚሁ የተነሳ ነው። የሚበተን ንባብ ግን በምንም ብናባዛው አይሰበሰብም። ወይ ደጋግሞ መመዝንና አማካይ መውሰድ፣ ወይ መንስኤውን መፈለግ ነው።

መንስኤው ብዙውን ጊዜ ከሚዛኑ ውጭ ይገኛል። የጠረጴዛ ልብስ ላይ የተቀመጠ ሚዛን እግሩ ይሰምጣል። ክብደቱ አንዴ መሃል፣ አንዴ ጠርዝ ላይ ሲቀመጥ ንባቡ ይለያያል፤ ይህን ለማወቅ ያንኑ ክብደት መሃሉና አራቱ ማዕዘን ላይ እያስቀመጡ ማንበብ ነው። የደከመ ባትሪና በመስኮት የሚገባ ነፋስም ድርሻ አላቸው።

ፕሪሲዥንን እስካሁን ያቆየሁት ተማሪዎች ከሪፒተቢሊቲ ጋር አንድ አድርገው ስለሚጽፉት ነው። ፕሪሲዥን ሰፊው ነው፦ ተደጋጋሚ ንባቦች እርስ በርስ ያላቸው ቅርበት፣ በየትኛውም ዓይነት ሁኔታ። ሪፒተቢሊቲ ከውስጡ ሁኔታው ሁሉ ሳይለወጥ የተያዘበት ጠባብ ክፍል ነው። የመጀመሪያውን ሚዛን ጠዋት ተማሪው ሲመዝንበት 498 እና 499 ብቻ አለ። ከሰዓት በኋላ የላብ ጓደኛው ከሞቀ ምድጃ አጠገብ አስቀምጦ ቢመዝንበትና 500 እና 501 ብቻ ቢያነብ፣ የየግላቸው ሪፒተቢሊቲ እኩል ጥሩ ነው። ሁለቱን ቀናጅተን ስናይ ግን ንባቦቹ ከ498 እስከ 501 ተዘርግተዋል። «ፕሪሲዥኑ ጥሩ ነው» ብቻ ብሎ የጻፈ ተማሪ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ አይታወቅም፤ ማን፣ የት፣ በምን ያህል ጊዜ ውስጥ እንደመዘነ መጻፍ አለበት።

ወጥ ቤት ውስጥ ደግሞ ላብ ውስጥ እምብዛም የማያጋጥም ተንኮል አለ። ርካሽ ሚዛን ዜሮው እንዳይዋልል ሲባል ከዜሮ አጠገብ የሚያየውን ትንሽና አዝጋሚ ለውጥ ራሱ ዜሮ እያደረገ ይውጠዋል። በባዶ ሚዛን ላይ ጨው በቁንጥር ቁንጥር፣ ቀስ እያላችሁ ብትጨምሩ መስኮቱ 0 እንዳለ ብዙ ሊቆይ ይችላል። ሙሉውን አንስታችሁ በአንድ ጊዜ መልሳችሁ ስታስቀምጡት ግን ድንገት ጥቂት ግራም ያሳያል። መድኃኒቱ ጨዉን በሌላ ዕቃ አዘጋጅቶ በአንድ ጊዜ መገልበጥ ነው።

በየትኛው ልኬት የትኛው ይበልጥ እንደሚያስቸግር የሚወስነው የሚመዘነው ነገር መጠን ነው። ለዳቦ 3 ግራም እርሾ የሚመዝን ሰው በመጀመሪያው ሚዛን ላይ 3 ሲያነብ እርሾው ከ2.5 እስከ 3.5 የትኛውም ሊሆን ይችላል፤ ከመቶ 17 ያህል ወዲያ ወዲህ ማለት ነው። እዚያ የስበቱ ጉድለት ከግራም መቶኛ አይበልጥም፣ ማሰብም አያስፈልግም። 4 ኪሎ ዱቄት ሲመዝን ግን ግማሽ ግራሟ ምንም አይደለችም፤ ያው ሚዛን ሳይታረም 11 ግራም ገደማ አጉድሎ ያነባል፣ አሥር ጊዜ ቢደጋግመውም ያንኑ ያነባል።