ሃያ አንድ ዓመት ያልተያዘ ስርቆት፦ ተጠያቂው ኦዲተሩ ነው ወይስ የሥራ አመራሩ?

በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት የምትገኘው ዲክሰን 16 ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት ትንሽ ከተማ ናት። የከተማዋን ገንዘብ ለረጅም ዓመታት ትመራ የነበረችው ሪታ ክረንድዌል የተባለች የሒሳብ ኃላፊ ነበረች። ክረንድዌል በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1990 መጨረሻ ጀምሮ በ2012 እስክትያዝ ድረስ 53.7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለራሷ አድርጋለች። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ኦዲተሮች ይመጡ፣ መዝገቡን ያዩ፣ ሪፖርት ይጽፉ ነበር። የከተማው ምክር ቤትም ሪፖርቱን ተቀብሎ ያጸድቅ ነበር።

አሠራሯ ውስብስብ አልነበረም። በከተማዋ ስም አዲስ የባንክ ሒሳብ ከፈተች። ስሙ ሲታይ ለፍሳሽ ማስወገጃ ግንባታ የተያዘ መጠባበቂያ ይመስላል፤ ሒሳቡን የምታንቀሳቅሰው ግን እርሷ ብቻ ነበረች። ከዚያ ከግዛቱ መንግሥት የተላከ የሚመስል ኢንቮይስ ራሷ ታዘጋጃለች። ኢንቮይሱ ከተማዋ ለአንድ የግንባታ ሥራ ገንዘብ እንድትከፍል ይጠይቃል። በዚያ ወረቀት መነሻነት የከተማዋን ቼክ ትጽፋለች፤ ቼኩ የሚገባው ግን ወደዚያው ስውር ሒሳብ ነው። በገንዘቡ ምን እንደገዛች በኋላ ሲቆጠር 400 የሚደርሱ የውድድር ፈረሶች ተገኙ።

ሰው ወደዚህ እንዴት ይገባል? ዶናልድ ክሬሲ የተባለ አሜሪካዊ የወንጀል ሳይንስ ምሁር የታመኑበትን ገንዘብ በልተው የታሰሩ ሰዎችን ቃለ መጠይቅ እያደረገ ይህንኑ መርምሯል። በ1953 ባሳተመው መጽሐፍ ያቀረበው ሐሳብ ነው ዛሬ «የማጭበርበር ሦስት ማዕዘን» እየተባለ በየኦዲት ሥልጠናው የሚሰጠው። አንደኛው ማዕዘን ጫና ነው፦ ሰውየው ለማንም የማይናገረው የገንዘብ ችግር ወይም አቅሙ የማይችለው ፍላጎት። ሁለተኛው ዕድል ነው፦ ሳይታይ መውሰድ የሚያስችል ክፍተት። ሦስተኛው ለራስ የሚሰጥ ሰበብ ነው፤ «ብድር ነው፣ እመልሰዋለሁ»፣ «ደመወዜ ከልፋቴ ጋር አይመጣጠንም»፣ «ሁሉም ይበላ የለ ወይ» የሚለው።

ስለዚህ ሦስት ማዕዘን ሲነገር ብዙ ጊዜ ሦስቱ እኩል ይታያሉ። እኔ ግን በእኩል አላያቸውም። ጫናውና ሰበቡ በሰው ልብ ውስጥ ናቸው፤ አሠሪ ሊገምት ይችላል እንጂ ሊቆጣጠራቸው አይችልም። በመሥሪያ ቤቱ እጅ ሙሉ በሙሉ ያለው ዕድሉ ብቻ ነው። ዲክሰን ውስጥ ቼክ የምትጽፈው፣ ፖስታ የምትቀበለው፣ የባንክ መግለጫውን ከመዝገቡ ጋር የምታስታርቀው አንዲት ሰው ነበረች። ለውድድር ስትሄድ እንኳ ፖስታዋን ሌላ ሰው እንዳይከፍተው ትጠነቀቅ ነበር። ይህን ክፍተት የፈጠረውም፣ ሃያ ዓመት ክፍት ያቆየውም የከተማው አመራር ነው።

ምልክቶቹ ደግሞ ነበሩ። ግዛቱ አስከፈለበት የተባለው ግንባታ በከተማዋ መሬት ላይ አይታይም። የመንግሥት ደመወዝተኛዋ አኗኗር ከገቢዋ ጋር አይገናኝም። የከተማዋ የሥራ ክፍሎች በጀታቸው ሲቆረጥባቸው እርሷ ግዛቱ ገንዘብ አዘገየብን ትላለች፤ ደውሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

በእኛ አገር ግዥ ክፍሎች ምልክቱ ሌላ መልክ ይይዛል። አንድ መሥሪያ ቤት ወንበርና ጠረጴዛ ሊገዛ ነው እንበል። ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቧል። ወንበሩን አንደኛው በ6,900 ብር፣ ሁለተኛው በ7,245፣ ሦስተኛው በ7,590 አቅርበዋል። ጠረጴዛውን ደግሞ በ12,000፣ በ12,600 እና በ13,200። ሲታይ ውድድር ይመስላል። ሒሳቡን የሠራ ሰው ግን ሁለተኛው በሁለቱም ዕቃ ላይ ከአንደኛው በትክክል 5 በመቶ፣ ሦስተኛው በትክክል 10 በመቶ እንደሚበልጥ ያገኛል። ሦስት ነጋዴዎች በየራሳቸው ዋጋ ቢያወጡ እንዲህ ሊገጥም አይችልም ማለት ይቻላል፤ አንድ እጅ ሦስቱንም ጽፏል ብሎ መጠርጠር ይገባል። ከዚያ በኋላ ያው የፊደል ግድፈት በሦስቱም ላይ መኖሩን፣ ስልክና አድራሻቸው መመሳሰሉን፣ ተሸናፊዎቹ ሱቅ ያላቸው መሆናቸውን ማየት ነው። ጨረታ እንዳይወጣበት ግዥውን በሁለት ሳምንት ልዩነት ለሁለት መክፈልም፣ ዕቃው ሳይገባ ሞዴል 19 መቁረጥም ከዚሁ ቤት ናቸው። አንድ ምልክት ብቻውን ጥፋት አያረጋግጥም። የሚያስፈልገው ወንጀለኛ መፈረጅ ሳይሆን ጥያቄ ማንሳት ነው፤ ንጹሕ ሠራተኛ በጥርጣሬ ብቻ ስሙ እንዳይጠፋ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ።

ታዲያ ጥያቄውን ማንሳት ያለበት ማን ነው? ዓለም አቀፉ የኦዲት ደረጃ ቁጥር 240 መልሱን በግልጽ አስቀምጦታል። ማጭበርበርን የመከላከልና የማወቅ ዋናው ኃላፊነት የሥራ አመራሩና እርሱን የሚቆጣጠረው ቦርድ ወይም ምክር ቤት ነው። ገዢ፣ ተረካቢና ከፋይ ሦስት የተለያዩ ሰዎች እንዲሆኑ ማድረግ፣ የባንክ መግለጫን ከቼክ ጸሐፊው ውጭ ባለ ሰው ማስታረቅ፣ ዓመት ፈቃድ ያልወጣ ገንዘብ ያዥን አስገድዶ ማስወጣት የእነርሱ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው።

የውጭ ኦዲተሩ ሥራ ከዚህ ይለያል። እርሱ የሚመጣው በሒሳብ መግለጫው ላይ አስተያየት ለመስጠት ነው። መግለጫው በስህተትም ሆነ በማጭበርበር ምክንያት ጉልህ በሆነ መልኩ እንዳልተዛባ ምክንያታዊ ማረጋገጫ ማግኘት አለበት። ይህ ፍጹም ዋስትና አይደለም። ናሙና እየወሰደ ስለሚሠራ፣ በደንብ የተቀነባበረ ሐሰት፣ በተለይ አለቃው ራሱ ያለበት፣ ሊያመልጠው ይችላል። የወንበሩ ግዥ ዓይነት ትንሽ ብር በዓመታዊ ኦዲት ሳይታይ ቢያልፍ ኦዲተሩን መውቀስ ይከብዳል።

ዲክሰን ላይ ግን ይህ መከራከሪያ አይሠራም። የተወሰደው በአማካይ በዓመት ሁለት ሚሊዮን ተኩል ዶላር ነው፤ ለእንዲህ ያለች ከተማ ትንሽ አይደለም። ደረጃው ኦዲተሩ በሙያ ጥርጣሬ እንዲሠራ ያዘዋል። አንድ የግዛት ኢንቮይስ መርጦ ኃላፊዋን ሳያስገባ በቀጥታ ለግዛቱ ቢጽፍ፣ ወይም ተሠራ የተባለውን ግንባታ ሄዶ ቢያይ ነገሩ ያበቃ ነበር። ከተማዋ ከሰሰች፤ በ2013 ዋናው የኦዲት ድርጅት 35.15 ሚሊዮን፣ ሌላ ኦዲተር 1 ሚሊዮን፣ ባንኩ ደግሞ 3.85 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። ክረንድዌልም 19 ዓመት ከ7 ወር ተፈረደባት፤ ቀሪ ቅጣቷ በዲሴምበር 2024 በፕሬዚዳንት ባይደን ተቀንሶላታል።

ስርቆቱን ያገኘው ግን ኦዲተር አልነበረም። በ2011 ክረንድዌል ረጅም ፈቃድ ወጥታ ሳለ እርሷን ተክታ ትሠራ የነበረች የከተማዋ ጸሐፊ ከባንኩ የሁሉንም ሒሳቦች መግለጫ አስመጣች። ከማታውቀው ሒሳብ ጋር ስትገናኝ ወረቀቱን ለከንቲባው ሰጠች፤ ከንቲባውም ወደ ኤፍ.ቢ.አይ. ሄደ። ለዚህ ልዩ ሙያ አላስፈለገም፤ ከንቲባውም ሆነ የምክር ቤት አባላቱ በየትኛውም ወር ሊያደርጉት ይችሉ የነበረ ነገር ነው። በቦርድ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም በቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤ ተመርጠው ከሆነ፣ «ኦዲተሩ አይቶታል» በሚል መልስ አይርኩ፤ የሚቀጥለውን የባንክ መግለጫ ከገንዘብ ያዡ ሳይሆን ከባንኩ በቀጥታ ይጠይቁ።