«ሥራ አስኪያጅ መሆን እፈልጋለሁ»

አንዲት የባንክ ሠራተኛ፣ የቀኑ ሒሳብ ተዘግቶ ካዝናው ከተቆለፈ በኋላ፣ የቅርንጫፉን ሥራ አስኪያጅ በር አንኳኩታ «እኔም ሥራ አስኪያጅ መሆን እፈልጋለሁ» አለች እንበል። ብዙ አለቃ ወይ «አይዞሽ፣ ጊዜው ሲደርስ ትሆኛለሽ» ይላል፣ ወይ የራሱን የሕይወት ታሪክ ሲተርክ ያመሻል። ሁለቱም ከቅን ልብ የሚመጡ ናቸው። ሠራተኛዋ ግን ከዚያ ቢሮ ስትወጣ ነገ ጠዋት ምን እንደምትጀምር አታውቅም።

ለዚህ ዓይነቱ ንግግር «ግሮው» የሚባል መንገድ አለ። ቃሉ በእንግሊዝኛ «ማደግ» ማለት ሲሆን አራቱ ፊደላት አራት ጉዳዮችን ያመለክታሉ፦ ግብ፣ ነባራዊ ሁኔታ፣ አማራጭ እና የማድረግ ፈቃድ። በስፋት ያስተዋወቁት እንግሊዛዊው ሰር ጆን ዊትሞር ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 የአውሮፓ የመኪና እሽቅድምድም ሻምፒዮን ነበሩ፣ መጽሐፋቸው ደግሞ በ1992 ወጣ። የሐሳቡ ሥር ከቴኒስ ሜዳ ነው። አሜሪካዊው አሠልጣኝ ቲሞቲ ጋልዌይ ተጫዋቾቹን በትእዛዝ ከማጣደፍ ይልቅ ኳሷ መሬት ስትነካ «ነጠረች»፣ ራኬት ስትነካ «ተመታች» እንዲሉ ብቻ ይጠይቃቸው ነበር። ኳሷን በደንብ ያየ ተጫዋች እጁን ራሱ ያስተካክላል።

ወደ ባንኩ እንመለስ። «ሥራ አስኪያጅ መሆን» ምኞት ነው እንጂ ለነገ የሚሠሩበት ግብ አይደለም፤ ቦታው መከፈቱም፣ የሚሾመውም ሰው በእሷ እጅ አይደሉም። ስለዚህ አለቃዋ «ዛሬ ብትሾሚ ገና የማትችይው የቱን ነው?» ይላታል። ጥቂት አስባ «ሰው ማሠራት» ትላለች። ይህ በእጇ ያለ ነገር ነው። ግቡም ተለወጠ፦ በሦስት ወር ውስጥ አዲሱ ካሸር ያለ እሷ እርዳታ ሒሳቡን እንዲዘጋ ማድረግ።

ነባራዊው ሁኔታ ላይ ነው ብዙ ጊዜ መቆየት የሚያስፈልገው፣ ብዙ አለቃም የሚቸኩለው እዚህ ነው። «ጎበዝ ነሽ?» ብሎ መጠየቅ ፍርድ ይጋብዛል፤ የሚጠቅመው የሚቆጠር ነገር ነው።

«ባለፈው ሳምንት የካሸሩ ሒሳብ አልገጥም ያለው ስንት ጊዜ ነው?»

«ሦስት ጊዜ።»

«ልዩነቱን ማን አገኘው?»

«እኔ።» ትንሽ ቆይታ፣ «እኔ ስፈልገው ይፈጥናላ!»

አለቃዋ «አየሽ፣ ችግርሽ ይሄ ነው» ቢል ኖሮ መከራከር ትጀምር ነበር። ዝም ሲል ግን ራሷ ሰማችው። ካሸሩ ያልለመደው እሷ ቀድማ ስለምትደርስለት ነው።

አማራጮቹን የምትደረድረው እሷ ናት፤ የአለቃው ድርሻ «ሌላስ?» ማለት ነው። ወጥመዱም እዚሁ ነው። «አብረሽው ብትቀመጪ አይሻልም?» የሚለው አነጋገር ጥያቄ ይመስላል እንጂ ትእዛዝ ነው፤ አለቃ የተናገረውን «አይሻልም» የሚል ሠራተኛ በየትኛውም ቢሮ ብዙ አይገኝም።

በመጨረሻ ይህን መረጠች፦ ሒሳቡ ካልገጠመ ካሸሩ 20 ደቂቃ ራሱ ይፈልጋል፣ እሷ አጠገቡ ተቀምጣ ትጠይቀዋለች፣ ደረሰኝ ግን አትነካም። ካልተገኘ ትገባበታለች፤ የባንክ ልዩነት ሳይጣራ አያድርምና። አለቃዋም «ይህን እንደምታደርጊ ከ10 ስንት ትሰጪዋለሽ?» አላት። «ስድስት።» ምክንያቱ ስንፍና አይደለም፤ ማታ ልጇን ከትምህርት ቤት የምታመጣው እሷ ናት። ዊትሞር መልሱ ከ8 በታች ሲሆን ሰውየውን ከመገፋፋት ሥራውን ማሳነስ ይሻላል ይላሉ። ባለቤቷ ልጁን በሚያመጣባቸው ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ ሲሆን ቁጥሩ ዘጠኝ ሆነ። የሚገመግሙበትን ቀንም እዚያው ቆረጡ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ዓርብ፣ ሒሳብ እንደተዘጋ።

ይህ መንገድ የማይሠራበት ቦታም አለ። ሠራተኛዋ የብድር መመሪያውን ካላወቀች አለቃዋ መቶ ጥያቄ ቢጠይቃት ከውስጧ አይወጣም፤ መማር አለባት። አንዳንዴም ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ውይይት በኋላ የምትፈልገው የደመወዝ ጭማሪ እንጂ ሰው ማስተዳደር እንዳልሆነ ትደርስበታለች። ይህም ውጤት ነው፤ ከሹመት በፊት መታወቁ ለእሷም ለቅርንጫፉም ይበጃል።

አንድ ነገር ግን ለአለቃው ይቀራል። በቅርቡ የሚከፈት ቦታ ከሌለ፣ በሚቀጥለው ግምገማ ሳይሆን በመጀመሪያው ቀን ሊነግራት ይገባል።