መልእክቱ ከመርዶው እንዳይቀድም

የሥራ ባልደረባ አባት ሲሞት ስልክ አንስቶ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎ መጻፍ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። እኛ ዘንድ መርዶ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በማለዳ፣ ዘመድና ሽማግሌ ቤት ድረስ ሄዶ ነው። አባት ደሴ ማታ ቢያርፉ፣ አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው ሳትሰማ ቢሮው ቀድሞ ሊያውቅ ይችላል። ስለዚህ አንድ የቅርብ ዘመዷን «ተረድታለች ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። በቢሮው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ከመለጠፍም ለእሷ ብቻ መላክ ይሻላል።

ከተረዳች በኋላ እንዲህ ቢጻፍ ይበቃል፦

«እህቴ፣ የአባታችንን ማረፍ ሰምቼ በጣም አዘንኩ። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን፤ አንቺንም እናታችንንም እግዚአብሔር ያጽናችሁ። የደመወዙን ሥራ እኔ ይዤዋለሁ፣ አታስቢ። ስትመለሺ ለቅሶ እንደርሳለን። መልስ አትጻፊልኝ።»

ሟቹ ሙስሊም ከሆኑ «አላህ ይዘንላቸው፣ ሰብሩን ይስጣችሁ» ይባላል። «ምን ሆነው ነው?» የሚለው ጥያቄ ግን ለቅሶ ቤትም ሲሰለች የኖረ ነው፤ በጽሑፍ ባይመጣ ደግ ነው።

ከሁሉ የሚጠቅመው ስለ ሥራው የተጻፈው ዓረፍተ ነገር ይመስለኛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላጅ ሞት የሚሰጠው ፈቃድ ከደመወዝ ጋር 3 የሥራ ቀን ብቻ ነው፤ የደሴ መንገድ ደርሶ መልስ ከዚሁ ላይ ይነሳል።