የ14 ዓመት ልጅ ጠዋት ለምን አይርበውም?

መጀመሪያ የሚጠበው ጫማ ነው። ልጅ ሽቅብ ሊመዘዝ ሲል ቀድመው የሚያድጉት እግሩና እጁ ናቸው፤ ቅልጥሙና ክንዱ ይከተላሉ፤ ደረቱና ትከሻው በመጨረሻ ይደርሳሉ። ለመስከረም የተገዛው የዩኒፎርም ሱሪ ጥር ላይ ቁርጭምጭሚት አልፎ ሲወጣ ሸሚዙ ገና ልኩ የሚሆነው ለዚህ ነው። ወንዶች በአማካይ 14 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው የእድገታቸው ፍጥነት ጫፍ ላይ ይደርሳል፤ በዚያ ዓመት ከ9 እስከ 10 ሴንቲሜትር ይጨምራሉ። ሴቶቹ ሁለት ዓመት ያህል ይቀድማሉ፤ ጭማሪያቸውም በዓመት 8 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው።

በዚሁ ዕድሜ ከብዙ ቤት የሚሰማ አንድ ስሞታ አለ፦ ማታ ድስት የሚያጋባው ልጅ ጠዋት የቀረበለትን ዞር ብሎ አያየውም። አንዲት ጎረቤቴ 9ኛ ክፍል ስለሚማረው ልጇ ያጫወተችኝም ይህንኑ ነው። «ፍርፍሩን ትኩስ አድርጌ አስቀምጥለታለሁ፤ ‹እማዬ፣ አሁን አልችልም› ብሎኝ ይወጣል» አለች። ስንፍና ወይም ንቀት መስሏት ነበር። ቀኑን ከጠዋት እስከ ማታ አብረን ስንቆጥረው ግን ነገሩ የሚጀምረው ከጠዋት እንዳልሆነ ታየን።

ልጁ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተቀስቅሶ 1 ሰዓት ላይ ከቤት ይወጣል። በ4 ሰዓቱ እረፍት ብስኩት ቢጤ ይቀምሳል። የምሳ ዕቃውን የሚከፍተው 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከትምህርት በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ኳስ ይጫወታል፤ 11 ሰዓት ላይ ገንዘብ አዋጥተው ከሱቅ ኢነርጂ ይገዛሉ፤ ትልቁን፣ ግማሽ ሊትሩን ቆርቆሮ፣ ለየራሳቸው አንዳንድ። እራት ምሽት 2 ሰዓት። ከዚያ ጥናት፣ ስልክ፣ እንደገና ጥናት። ሌሊት 5 ሰዓት ላይ ወጥ ቤት ገብቶ የተረፈውን እንጀራ ጠራርጎ ይበላል። የሚተኛው 7 ሰዓት ላይ ነው። አምስት ሰዓት ተኩል ተኝቶ ይነሳል።

እንግዲህ ከሌሊቱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ተኩል፣ ከዚያች ብስኩት በቀር፣ አሥራ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ሆዱ ባዶ ነው። ግን ጠዋት አይርበውም። ለምን ይራበው? አርፍዶ በልቷል፣ ጥቂት ተኝቷል። በጉርምስና ዕድሜ የሰውነት ሰዓት ራሱ ወደ ኋላ ይገፋል፤ እንቅልፍ የሚያመጣው ሜላቶኒን የሚባለው ሆርሞን ከልጅነቱ ጊዜ ይልቅ አንድ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ይመነጫል። ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ለእናትየው ጠዋት ቢሆንም ለልጁ ሰውነት ገና ሌሊት ነው። እዚህ ላይ ኢነርጂው ሲጨመር ተፈጥሮ አንድ እርምጃ የገፋችው እንቅልፍ ሌላ ሁለት ይገፋል።

የቆርቆሮው ሒሳብ ከባድ አይደለም። በብዛት የሚሸጠው ዓይነት ኢነርጂ በ250 ሚሊሊትር ውስጥ 80 ሚሊግራም ካፌይን ይይዛል፤ ግማሽ ሊትሩ 160 ነው ማለት ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ለልጆችና ለታዳጊዎች ማመዛዘኛ ይሆናል ያለው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 3 ሚሊግራም ነው። የጎረቤቴ ልጅ 45 ኪሎ ስለሆነ የእሱ ጣሪያ 135 ይሆናል። አንድ ቆርቆሮ ብቻውን አለፈው። ካፌይን በሰውነት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ በአማካይ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ሰው ከሰው ቢለያይም። 11 ሰዓት ላይ የጠጣው 160 ሚሊግራም ሌሊት 4 ሰዓት ላይ 80 ሆኖ ይቆየዋል። እናቱ «ተኛ!» ብላ በምትቆጣበት ሰዓት ልጁ በደሙ ውስጥ አንድ ትንሽ ቆርቆሮ ኢነርጂ ይዞ ነው አልጋው ላይ የሚገላበጠው።

«እኛስ በልጅነታችን ቡና እየጠጣን አላደግንም?» የሚል አይጠፋም። አድገናል። ግን ለልጅ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ በረካው ነው፤ ሁለት ጊዜ ውሃ የተጨመረበት፣ በትንሽ ሲኒ፣ ትኩስ ስለሆነ ፉት እየተባለ የሚጠጣ። ኢነርጂው ቀዝቃዛና ጣፋጭ ስለሆነ ከሩጫ የመጣ ልጅ በአንድ ትንፋሽ ይገለብጠዋል። ስኳሩም ሌላ ጉዳይ ነው፤ በግማሽ ሊትሩ ውስጥ 54 ግራም ገደማ አለ፣ ወደ 13 የሻይ ማንኪያ። ይህ ከሁለት መቶ ካሎሪ በላይ ቢሰጥም ለአጥንትም ለጡንቻም ለደምም የሚሆን ነገር አይዞም። ቆርቆሮው ላይ በደማቁ የተጻፉት ቫይታሚኖችም ራሳቸው ጉልበት አይሰጡም፤ ልጁ የሚሰማው ንቃት የካፌይኑ ነው፤ ካፌይን ደግሞ ድካሙ እንዳይሰማ ያደርጋል እንጂ ድካሙን አያስወግድም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2011 (እ.ኤ.አ.) እነዚህ መጠጦች በልጆችና በታዳጊዎች ምግብ ውስጥ ቦታ የላቸውም ብሏል። ሊትዌኒያ፣ ላትቪያና ፖላንድ ዕድሜው 18 ላልሞላ እንዳይሸጥ በሕግ ከልክለዋል።

እንቅልፉ ያለ ነገር አይደለም። የእድገት ሆርሞን በብዛት የሚለቀቀው ልጁ ከባድ እንቅልፍ ውስጥ ሲገባ ነው። ቁርስ መዝለሉስ? እዚህ ላይ ማጋነን አይገባም። ቁርስ የሚበሉ ልጆች በፈተና ይበልጣሉ የሚሉ ጥናቶች ብዙ ቢሆኑም አብዛኞቹ ቁርሱን ከቤተሰቡ አኗኗር ነጥለው አላዩትም፤ ይበልጥ ጥቅሙ የሚታየው ቀድሞውኑ በቂ ምግብ በማያገኙ ልጆች ላይ ነው። የእኔ ስጋት ከፈተናው ይልቅ ድምሩ ላይ ነው። በዚህ ዕድሜ የሚሯሯጥ ወንድ ልጅ በቀን 2,600 ካሎሪና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ከሦስት ማዕድ አንዱ ሲቀር ቀሪዎቹ ሁለቱ ካሎሪውን ሊያካክሱ ይችሉ ይሆናል፤ ካልሲየሙን ግን አያካክሱትም።

የካልሲየሙ ጉዳይ እንዲህ ነው። አጥንት መጀመሪያ ይረዝማል፣ በማዕድን የሚሞላው ግን ከወራት በኋላ ነው። በመካከሉ ያለው ጊዜ አጥንቱ ረጅም ግን ገና ያልጠና የሚሆንበት ነው፤ በዚህ ዕድሜ ኳስ ሜዳ ላይ ወድቆ ክንዱን የሚሰበር ልጅ የሚበዛውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። በሙላቱ ጊዜ ወንድ ልጅ በየቀኑ 350 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየም አጥንቱ ላይ ይጨምራል። ከተበላው ካልሲየም አንጀት የሚቀበለው ሲሶውን ያህል ስለሆነ የሚመከረው መጠን በቀን 1,300 ይደርሳል። ፕሮቲኑ ይህን ያህል አያስጨንቅም፤ 45 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 40 ግራም ገደማ ይበቃዋል፤ እንቁላል፣ ሽሮና ምስር በሚበላበት ቤት ይሞላል።

አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ሚሊግራም ካልሲየም አለው፤ እርጎም እንዲሁ። የወተት ዋጋ የት እንደደረሰ ለአንባቢ አልነግርም። አይብ ግን እንደሚታሰበው አይደለም፤ አሬራው ሲሞቅ ብዙው ካልሲየም ከአጓቱ ጋር ይወጣልና አጓቱን መድፋት ኪሳራ ነው። ከአትክልት ደግሞ ጎመን ከቆስጣ ይበልጣል፤ ቆስጣ ውስጥ ያለው ኦክሳሌት የሚባል ነገር ካልሲየሙን ይዞ አይለቅም፣ የጎመኑ ግን በደንብ ወደ ሰውነት ይገባል። ጤፍም ከስንዴና ከበቆሎ የተሻለ ካልሲየም አለው። ስለዚህ በጾም ወራት ወተት ሲቀር ጎመኑ የሳምንት አንድ ቀን ወጥ ከሚሆን ዘወትር ከእንጀራው ጎን ይቅረብ። እስከ ስድስት ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ልጅ ቁርስ ዘለለ አይባልም፤ ግን ጾሙ ሲፈታ የሚቀርበው ምግብ የሁለት ማዕድ ያህል መሆን አለበት። ልጁ ከተዳከመ ከንስሐ አባቱ ጋር መመካከር ነው።

ጎረቤቴ ቤት ለውጡ የተጀመረው ከማታው ነው። ኢነርጂውን «አትጠጣ» ብቻ ማለት ከንቱ መሆኑን አውቃ፣ ልጁ ከኳስ ሲመለስ እውነተኛ ምግብ እንዲጠብቀው አደረገች፤ ከምሳ የተረፈ ሽሮ በእንጀራ፣ አንዳንዴ ዳቦ በእንቁላል። በ11 ሰዓት ልጁን ሱቅ የሚወስደው ግማሹ ረሃብ ነበር። እራቱ ወደ 1 ሰዓት ተኩል መጣ። ስልኩ ሌሊት 4 ሰዓት ላይ ሳሎን ይቀራል፤ በዚህ ላይ ክርክሩ አሁንም አላለቀም። መጀመሪያዎቹ ቀናት ካፌይን ሲቀር እንደሚሆነው ራሱን አመመው፣ ተነጫነጨ፤ ከዚያ ለቀቀው።

ጠዋት ደግሞ ትልቅ ሳህን ማቅረቧን ተወች። ገና ያልነቃን ሆድ በፍርፍር ማስገደድ አይሆንም። በሶ በጨውና በዘይት አሽታ ጭብጦ አድርጋ በላስቲክ ትጠቀልልለታለች፣ አንድ የተቀቀለ እንቁላል ትጨምራለች፤ ቦርሳው ውስጥ ይገባና በ4 ሰዓቱ እረፍት ይበላል። ቁርስ የግድ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይበላ ያለ የለም። ሻዩን ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል አራቀችው፤ ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ይከለክላልና። አዲስ አበባ ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ እስከ 8ኛ ክፍል ድረስ ነው፤ ይህ ማለት ብዙ ወንዶች ልጆች የትምህርት ቤቱን ቁርስ የሚያጡት ልክ መመዘዝ በሚጀምሩበት ዓመት ነው። ይህን ያቀደ ሰው አለ ብዬ አላስብም፣ ግን እንዲህ ሆኗል።

የሻዩ ነገር ለሴቶች ልጆች ይብሳል። የወር አበባ ከጀመራቸው በኋላ በቀን የሚያስፈልጋቸው ብረት 15 ሚሊግራም ሲሆን የወንዶቹ 11 ነው። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ የሚያጥራት፣ የታችኛው የዓይን ሽፋሽፍቷ ውስጡ የነጣ፣ አፈር ወይም በረዶ የሚያምራት ልጅ ጤና ጣቢያ ሄዳ ደሟ ይለካ። ለመቅጠን ብላ ምግብ የምትዘል ከሆነና ለወራት የወር አበባዋ ከቀረ ጉዳዩ ከቁርስ አልፏል።

ለሁሉም የሚሆነው መለኪያ በር መቃን ላይ በእርሳስ የሚሰመር መስመር ነው። በየስድስት ወሩ፣ ጠዋት፣ ጫማ ወልቆ፣ ተረከዝና ጀርባ ከመቃኑ ተጣብቆ፣ ጭንቅላት ላይ ደብተር በአግድም ተደርጎ ይለካል። ቀጭን መሆኑ ብቻ አያስደነግጥም፤ በዚህ ዕድሜ ብዙ ልጅ ቀጭን ነው። ቁመቱ እየጨመረ ክብደቱ በተከታታይ የሚቀንስ ልጅ፣ ከመጠን በላይ የሚጠማውና ሌሊት ለሽንት የሚነሳ ልጅ፣ ኢነርጂ ጠጥቶ ልቡ የሚመታበት ወይም ራሱን የሳተ ልጅ ግን የሚቀጥለው ልኬት እስኪደርስ አይጠበቅም፤ በዚያው ሳምንት ሐኪም ይየው፣ ራሱን የሳተውና ከመጠን በላይ የሚጠማው ግን በዚያው ቀን።