ለዳቦ ቤቱ ሦስት ቃል

የሰፈራችን ዳቦ ቤት ታፔላ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ከርመው ደብዝዟል። ቤቱን አባት ከፈቱት፤ ዛሬ ልጃቸው ከሚስቱና ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ይሠራበታል። አንድ ቅዳሜ ዳቦ ልገዛ ስገባ ባልየው ፌስታሉን እያቀበለኝ፣ «ሥራህ ጽሑፍ ነው አይደል? ታፔላውን ልናሳድሰው ነው። እስቲ ከስሙ ሥር የምትገባ አንዲት ነገር ጻፍልን» አለኝ።

ከስም ሥር የምትገባዋን አጭር ሐረግ አንዳንዱ መሪ ቃል፣ አንዳንዱ መፈክር ይላታል። እኔ መፈክር ሲባል ሰልፍና ቀይ ጨርቅ ስለሚታየኝ ለዳቦ ቤት አይሆንልኝም። ስሟ ምንም ይሁን፣ ሥራዋ ግን አንድ ነው፤ ገዢው ከዚህ ቤት ምን እንደሚጠብቅ መንገር አለባት።

አሮጌው ታፔላ «ሁልጊዜ ትኩስ ዳቦ» ይላል። ቸግሩ «ሁልጊዜ» የምትለው ቃል ላይ ነው። ከምድጃ የወጣ ዳቦ ውስጡ ከ90 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ ትንሹ ዳቦ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ሙቀቱ ያልቃል። ቅርፊቱም ከውስጥ በሚወጣው እርጥበት ይለሰልሳል፤ ፌስታል ውስጥ ከታሰረ ደግሞ ይብስበታል። ከዚያ በኋላ መድረቅ ይጀምራል። ብዙ ሰው ዳቦ የሚደርቀው ውሃው ተኖ ስላለቀ ብቻ ይመስለዋል። ዋናው ምክንያት ግን ሲጋገር የለሰለሰው የዱቄቱ ስታርች ሲቀዘቅዝ ተመልሶ መጠጠሩ ነው። ፍሪጅ ውስጥ የገባ ዳቦ ውጪ ካደረው ቀድሞ የሚጠጥረውም ለዚህ ነው፤ ሲሞቅ የሚለሰልሰውም እንዲሁ። እንግዲህ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ዳቦ የሚገዛ ሰው «ሁልጊዜ ትኩስ» የሚለውን አንብቦ፣ ዳቦውን በእጁ ጨብጦ፣ ታፔላው እንደዋሸው ያውቃል። በማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያ የተከለከለ ነው። ዳቦ ቤቱን በዚህ የሚከስ ጎረቤት ባይኖርም፣ ውሸቱ በየቀኑ በገዢው እጅ መፈተኑ አይቀርም።

ወረቀትና እስክሪብቶ ከማንሳቴ በፊት አንድ ሌሊት አብሬያቸው ላድር ጠየቅኋቸው። ሚስትየው ሳቀችብኝ፤ «አንቀላፍተህ ሊጥ ውስጥ እንዳትወድቅ ብቻ፣ ወንድሜ» አለችኝ።

ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ስደርስ ማቡኪያው እየዞረ ነበር። አንድ 50 ኪሎ ከረጢት ፉርኖ ዱቄት፣ ወደ 30 ሊትር ውሃ፣ ኪሎ የማይሞላ ጨው፣ ግማሽ ኪሎ ያህል ደረቅ እርሾ። ወሩ ኅዳር ስለሆነ ውሃውን ለብ አድርገውታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ በመሆኑ ሊጥ ከቆላው ይልቅ እዚህ ፈጥኖ ይነፋል። የኅዳር ሌሊት ብርድ ደግሞ እርሾውን ያዘገየዋል። ባልየው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው የሚሠራው። ሰዓት አያይም፤ ጣቱን ሊጡ ውስጥ ይነክርና ያያል። ጎድጓዳው ቀስ ብሎ ከሞላ ደርሷል። ቶሎ ከሞላ ገና ነው። እንደተጎደጎደ ከቀረ ግን አልፎበታል፤ እንዲህ ያለው ሊጥ ምድጃ ሲገባ ይተኛል፣ ጠፍጣፋም ሆኖ ይወጣል።

ሰባት ተኩል ላይ ሊጡን እየቆረጡ መመዘን ጀመሩ። አንዱ ቁራጭ መቶ ግራም ያህል ሲሆን፣ ከዚያ አንድ ቡኮ 800 ገደማ ዳቦ ይገኛል። ድቡልቡሎቹ ትሪ ላይ ተደርድረው እንደገና ለመነፋት ከ40 ደቂቃ በላይ ቆዩ። ከዚያ ወደ ምድጃ ገቡ። ለ10 ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ትልቁ ልጅ በሩን ከፈተ፤ አንዱን ዳቦ ገልብጦ ሥሩን በጣቱ አንኳኳ፤ እንደ ባዶ ሣጥን ጮኸለት። ወደ ጓዳ ዞሮ አንዲት ቃል ተጣራ፤

«ወጣ!»

ብዙም ሳይቆይ የመዝጊያው ቆርቆሮ ተንኳኳ። የታክሲ ረዳት ነው፤ «ወጥቷል?» አለ። ቀጥላ የቁርስ ቤቷ ሴት መጣች፤ «ወጣላችሁ?» ከንጋት ጸሎት በኋላ ከመስጊድ የሚመለሱትም፣ ኪዳን ለማድረስ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱትም በር ላይ የሚጠይቁት ያንኑ ነው። እስኪነጋ ድረስ ከበሩ ውጪ «ዳቦ» የሚለውን ቃል ከአንድም ሰው አልሰማሁም። ሁሉም የሚያወሩት በአንድ ግሥ ነው። እኔ ግን ይህን ያስተዋልኩት ከሁለት ቀን በኋላ ነው፤ በመጀመሪያ እቤቴ ተቀምጬ ያበላሸሁትን ላውራ።

መጀመሪያ የጻፍኩት «ከ10 ሰዓት ጀምሮ» የሚል ነበር። ቁጥር ስላለው ደስ ብሎኝ ነበር፤ ቁጥር አይቀባጥርም። ሚስትየው አንብባ፣ «ከቀትር በኋላ ነው የምንከፍተው የሚሉን እኮ» አለች። እውነቷን ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት በቀንም በሌሊትም አለ። ታፔላ ላይ ያለ ቅጽል ሲጻፍ ደግሞ ሁሉም ሰው የሚያነበው የቀኑን ነው። «ከሌሊቱ» ብዬ ብጨምርበት የሐኪም ቤት ተረኛ ማስታወቂያ መሰለ።

ሁለተኛው «ገና ትኩስ!» ነበር። ይህን ያፈረሰው ትንሹ ልጅ ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም፤ ስለዚህ ልጁ «ና»ን አጥብቆ አነበበውና፣ «በገና ብቻ ነው ትኩስ የምንሸጠው?» አለ። በታኅሣሥ ወር ታፔላውን የሚያነብ መንገደኛም እንዲሁ ባያነብ ነው የሚገርመው። «በትኩሱ ይበላል» የምትለዋንም በዚያው ጣልኳት፤ አላልቶ ላነበባት ሰው ዳቦው በላተኛ ሆኖ ያርፋል።

ሦስተኛው «ጎህ ሳይቀድ ለቁርስህ» ነበር። «ቁርስህ» ሲል ሴቷን ይተዋል፤ «ቁርስዎ» ሲል የባንክ ደብዳቤ ይሆናል፤ «ቁርሳችሁ» ሲል ደግሞ ስብሰባ የሚመራ ሰው ድምፅ ይመጣል። አማርኛ ላይ ሰውን ቀጥታ ከጠራህ ጾታውንና ማዕረጉን ሳትነካ አታልፍም፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ለሚያነበው ጽሑፍ ይህ ከባድ ነው። መውጫው አንባቢውን ጨርሶ አለመጥራት ነው፤ ስለ ዳቦው ብቻ መናገር። «ጎህ ሳይቀድ» ውብ ነው፤ ግን የመጽሐፍ ቃል ነው። በዚያ በር ላይ ቆሞ «ጎህ» ያለ ሰው አልሰማሁም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ባለቤቴ በመስኮት እያየች «ፀሐይ ወጣች» አለች። የልጁ ጥሪ ያኔ ትዝ አለኝ። ፀሐይም ትወጣለች፣ ዳቦም ይወጣል፤ ግሡ አንድ ነው፤ ለሁለቱም የተለመደ፣ የተፈለሰፈ ነገር የሌለበት። የቀረኝ መደርደሩ ብቻ ነበር፤

ፀሐይ ሳትወጣ ይወጣል

ሦስት ቃል፣ አሥራ አንድ ፊደል። ምን ይወጣል ለሚል ሰው መልሱ ከላይ በትልቁ ተጽፏል፤ ዳቦ ቤት ነው። ግሡ ሲደጋገም ጾታው ይለያል፤ ፀሐይ ሴት፣ ዳቦ ወንድ ስለሆኑ ማን ሳትወጣ ማን እንደሚወጣ አይምታታም። «ወጣ» ብል የአንድ ቀን ወሬ ይሆን ነበር፤ «ይወጣል» ግን የየዕለት ቃል ኪዳን ነው። «ከፀሐይ ቀድሞ» የሚል አጠር ያለም ሞክሬ ነበር፤ ግን በሩ ላይ ሰዎች የሚሉትን ግሥ ስለሚያስቀረው ተውኩት።

ባልየው ያነሳው ጥያቄ ጥሩ ነበር፤ «ፀሐይ በየወሩ ሰዓቷን ትቀያይር የለ? አንድ ቀን ብትቀድመንስ?» አለ። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ የምትወጣበት ሰዓት ዓመቱን ሙሉ የሚለዋወጠው በ40 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። በግንቦት መጨረሻና በሰኔ 12 ሰዓት እንዳለፈ፣ በጥር ደግሞ 12 ሰዓት ከ45 ገደማ ላይ ትወጣለች። የመጀመሪያው ትሪ በ10 ሰዓት ከወጣ ፀሐይን ለመቅደም ሁሌም የሁለት ሰዓት ትርፍ አላቸው። ሊጥ ጥቂት ቢዘገይ እንኳ ይደርሳሉ። ስለ ጣዕምና ጥራት ከመማል ይህ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። ጣዕምን ማንም አይለካውም፤ ዳቦው ፀሐይን መቅደሙን ግን በር ላይ የቆመ ሁሉ ያያል።

የታፔላ ጻፊው ጥያቄ ደግሞ «በየትኛው ፀ?» የሚል ነበር። ፀሐይን ፀሀይ፣ ጸሐይ፣ ጸሃይ እያሉ የሚጽፉ አሉ፤ «ፀሐይ» ይሁን ብለን ወረቀት ላይ ጽፈን ሰጠነው፤ ፌስታሉም ላይ ያው እንዲሆን። መቼም ያልጠበቅነው አንድ ነገር ነበር፤ በሰፈራችን ፀሐይ የሚባሉ እናት አሉ። ታፔላው በተሰቀለ ማግስት ከዳቦ ቤቱ በር ላይ ቆመው፣ «እኔ ከቤት ሳልወጣ ነው የሚወጣው? እንግዲያው አምጡልኛ!» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ትንሹ ልጅ ሦስት ዳቦ ቤታቸው ያደርስላቸዋል።

በታኅሣሥ አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ። ምድጃው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ ሊጡ ትሪ ላይ ሆኖ ተኛ። መብራቱ የመጣው ሊነጋ ሲል ነበር፤ አዲስ አቡክተው የመጀመሪያው ትሪ ሲወጣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት አልፏል። ዳቦ ልገዛ ስሄድ ከታፔላው ሥር በካርቶን ላይ የተጻፈ ነገር ተሰቅሏል፤ የሚስትየው እጅ ነው፤ «ዛሬ ፀሐይ ቀደመችን»። ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ደርሶ ነበር።