የመጨረሻዋ መልእክት

ከተለያዩ በኋላ ዕቃ ለመመለስ የሚጻፍ መልእክት ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በጥያቄ ነው። «መቼ ይመችሃል?» ከተባለ መልስ ይመጣል፤ መልሱም ሌላ ወሬ ይወልዳል። ስለዚህ ዕቃው፣ ቀኑና ተረካቢው ተቆርጠው ይጻፉ። አንዲት ሴት፣ የቀድሞ ፍቅረኛዋን እህት አስቀድማ አነጋግራ፣ እንዲህ ብትጽፍ ይበቃል፦

«ጃኬትህን፣ ሁለቱን መጻሕፍትና ቻርጀርህን በካርቶን አድርጌ ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት ለእህትህ አስረክባለሁ። የቤቴን ቁልፍ እሷ ጋ አስቀምጥልኝ። ከዚያ በኋላ አልደውልም፤ አንተም እባክህ አትደውልልኝ። ደህና ሁን።»

«ለምን እንዲህ አደረግኸኝ?» የሚለው እዚህ አይገባም፤ ቢያማትም ለእናቷ ወይም ለጓደኛዋ ትንገረው። የሰጠችውን ስጦታም አትጠይቅ። ቁልፉ ካልተመለሰ ሁለተኛ መልእክት ከመላክ የበሩን ቁልፍ መቀየር ይሻላል። ዛቻ ካለበት ግን መልእክቶቹን አታጥፉ፤ ዕቃውንም ብቻችሁን አታድርሱ።