ወደ ቻይና የሚደረግ የሌሊት በረራ፦ ወንበር፣ ምግብና እንቅልፍ

ስኮላርሺፕ አግኝተው ወደ ቻይና የሚሄዱ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁን ስለ ሻንጣ ኪሎ ነው። እኛ ግን ስለ እንቅልፍ ብንነጋገር እንመርጣለን። ከቦሌ ወደ ጓንጁ የሚሄደው አውሮፕላን እኩለ ሌሊት አካባቢ ተነስቶ 10 ሰዓት ያህል ይበርና እዚያ ከቀትር በኋላ ያርፋል። ከፒያሳ በጠዋት መኪና ተሳፍሮ አዲስ አበባ የገባ ተማሪ ሳይተኛ ከደረሰ፣ የመጀመሪያው ሳምንት በድካም ያልፍበታል።

ዋናው ነገር ሌሊቱ አጭር መሆኑ ነው። ቻይና በሰዓት አቆጣጠር ከእኛ 5 ሰዓት ትቀድማለች። ይህን ልዩነት በ10 ሰዓት በረራ ስለምናልፈው፣ በእያንዳንዱ የበረራ ሰዓት ንጋት ግማሽ ሰዓት ያህል ወደ እኛ ይቀርባል። ስለዚህ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ብትነሱ፣ ፈጅር የሚገባው በእጅ ሰዓታችሁ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ፀሐይ ደግሞ ከ10 ሰዓት ብዙም ሳትርቅ ትወጣለች። ስልኩን በአዲስ አበባው ፈጅር፣ 11 ሰዓት ላይ ሞልቶ የተኛ ሰው ሲነቃ ፀሐይ ወጥታ ያገኛታል። ማንቂያውን በረራው በተነሳ በሦስት ሰዓት ከሩብ ሙሉና በመስኮት አድማሱን እዩ። በረራው ከዘገየ እንደገና አስሉ፤ ወሩም ትንሽ ይለውጠዋል።

ወንበሩም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። መስኮት ዳር ራስን ለማስደገፍ ይመቻል፤ ነገር ግን ለውዱእ ስትነሱ ሁለት የተኙ ሰዎችን ማለፍ አለባችሁ። ሦስት ሦስት ወንበር በሦስት ረድፍ በተደረደረበት አውሮፕላን የመሃለኛውን ረድፍ መተላለፊያ ዳር ምረጡ። መሃል የተቀመጠው ሰው በሌላኛው በኩልም መውጣት ስለሚችል እናንተን የሚቀሰቅሰው ከስንት አንዴ ነው። መጸዳጃ ቤት አጠገብ ያለውን ወንበር ግን ተዉት፤ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ያድራል።

የሙስሊም ምግብ በትኬታችሁ ላይ MOML በሚል ምልክት ይመዘገባል። ቢያንስ ከበረራው 24 ሰዓት በፊት አስመዝግቡና መግባቱን አረጋግጡ። ልዩ ምግብ አብዛኛውን ጊዜ ከሌላው ቀድሞ ስለሚታደል ቶሎ በልቶ ለመተኛት ይረዳል። ከዚህ የተሻለው ግን ቦሌ ላይ እራት በልቶ፣ የአውሮፕላኑን እራት ትቶ እንደተነሱ መተኛት ነው። ቀበቶውን ከብርድ ልብሱ በላይ እሰሩት፤ አስተናጋጆች ለማየት ብለው አይቀሰቅሷችሁም። ቡና ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይቅር፤ ከጠጣችሁት ካፌይን ግማሽ ያህሉ ከአምስትና ስድስት ሰዓት በኋላም ሰውነታችሁ ውስጥ አለ።

ከፈጅር በኋላ ዓይናችሁን በሻሽ ሸፍናችሁ እስከ ቁርስ እንደገና ተኙ። ሁለቱ እንቅልፍ ሲደመር አምስት ሰዓት ያህል ይሆናል። ጓንጁ ስትደርሱ ሰውነታችሁ ገና ረፋድ ላይ ነው፤ ዶርም ገብቶ አልጋ ላይ መውደቅ ያምራችኋል። እስከ ዒሻ ታገሱት።